የሦስት ወሩ መርፌና ኮንዶም፦ የሁለት መከላከያዎች አሠራርና የምርጫ መመዘኛዎቻቸው

በአገራችን ስለ ወሊድ መከላከያ ሲወሳ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በትዳር ላይ ከነበሩት ሴቶች 36 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት መከላከያ ይጠቀሙ እንደነበር አሳይቷል። በመርፌ የሚጠቀሙት ብቻቸውን ከባለትዳሮቹ ሁሉ 23 በመቶ ሲሆኑ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ በ8 በመቶ ይከተላል። ኮንዶምን መከላከያቸው አድርገው የጠቀሱት ባለትዳር ሴቶች ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም።

እነዚህ ቁጥሮች አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ። መርፌው እርግዝናን በመከላከል ረገድ ከኮንዶም እጅግ የተሻለ ነው፤ በአንጻሩ ከአባላዘር በሽታዎችና ከኤች አይ ቪ በኩል አንዳች ጥበቃ አይሰጥም። ኮንዶም ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም ሥራውን የሚሠራው በእያንዳንዱ ግንኙነት ላይ ሁለት ሰዎች ተስማምተው በትክክል ሲጠቀሙበት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ መከላከያዎች በምን መንገድ እንደሚሠሩ፣ በየት በኩል እንደሚከሽፉና አንዲት ሴት ከመካከላቸው ስትመርጥ ምን ምን ልታመዛዝን እንደሚገባት ያብራራል። ስለ እንክብል፣ ስለ ሉፕና በቀዶ ሕክምና ስለሚደረገው ዘላቂ ዘዴ የሚነሣው ለንጽጽር ያህል ብቻ ነው።

መርፌው በሰውነት ውስጥ

የሦስት ወሩ መርፌ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት የተባለ ሰው ሠራሽ ሆርሞን ይዟል። ይህ ሆርሞን ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ፕሮጄስትሮን ይመስላል። በጡንቻ ውስጥ የሚሰጠው ዓይነት በ1 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 150 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለው። መድኃኒቱ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ አይደለም፤ ዓይን በማይለያቸው ደቃቅ ክሪስታሎች መልክ ተንሳፍፎ ይገኛል። ሦስት ወር የመቆየቱ ምሥጢርም ይኸው ነው። ክሪስታሎቹ በጡንቻው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ስንቅ ሆነው ቀስ በቀስ እየሟሙ ወደ ደም ይገባሉ።

ከዚህ አሠራር ሁለት ቀላል የሚመስሉ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ጥንቃቄዎች ይመነጫሉ። አንደኛው፣ ብልቃጡ መድኃኒቱ ከመቀዳቱ በፊት በሚገባ መነቅነቅ አለበት። ክሪስታሎቹ በብልቃጡ ሥር ዘቅጠው ከቀሩ ሴቲቱ የምታገኘው መጠን ጎደሎ ይሆናል። ሁለተኛው፣ መርፌው የተወጋበት ቦታ መታሸት የለበትም። ሕመም ሲሰማን የተወጋውን ቦታ ማሸት የሁላችንም ልማድ ነው፤ በዚህ መርፌ ላይ ግን ማሸት ስንቁ ከጊዜው በፊት እንዲያልቅ ሊያደርግ ይችላል።

ሆርሞኑ ወደ ደም ከገባ በኋላ ዋናውን ሥራውን የሚሠራው በማኅፀን ሳይሆን በአንጎል ላይ ነው። በተለመደው የወር ዑደት መካከል በአንጎል ሥር የምትገኘው የፒቱታሪ ዕጢ አንድ ሆርሞን በድንገት በብዛት ትለቃለች፤ እንቁላል ከእንቁልጢ የሚወጣውም በዚህ ድንገተኛ ትእዛዝ ነው። በደም ውስጥ የሚገኘው የመርፌው ሆርሞን ይህ ትእዛዝ እንዳይተላለፍ ያግዳል። እንቁላል ካልወጣ የወንዱ የዘር ፍሬ የሚገናኘው ነገር የለም። ከዚህም በተጨማሪ በማኅፀን አንገት ላይ የሚገኘው ንፍጥ ወፍራምና የሚያጣብቅ ስለሚሆን የዘር ፍሬ ወደ ውስጥ ዘልቆ ለማለፍ ይቸገራል። በዚህ መሠረት መርፌው የሚሠራው ጽንስ እንዳይፈጠር በመከልከል ነው፤ የተፈጠረ ጽንስ አያስወርድም።

የሆርሞኑ ሌላ ውጤት በማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ላይ ይታያል። ሽፋኑ እየሳሳ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጊዜውን ያልጠበቀ ወይም የተራዘመ የደም መፍሰስ የሚያጋጥመው፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የወር አበባ የማያዩት በዚህ ምክንያት ነው። በየጤና ጣቢያው የሚሰማው አንድ ሥጋት፣ ያልፈሰሰው ደም በሆድ ውስጥ ተከማችቶ በሽታ ያመጣል የሚል ነው። ሥጋቱ ከደም አፈጣጠር ጋር አይስማማም። የወር አበባ የሚባለው የወፈረው የማኅፀን ሽፋን ሲፈርስ የሚወጣው ነው፤ ሽፋኑ ካልወፈረ የሚፈርስም የሚከማችም ነገር አይኖርም። ብዙ ሴቶች መርፌውን የሚያቋርጡት ይህን የሚያስረዳቸው ስለሚያጡ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን መርፌ ከሚሰጠው ባለሙያ የሚጠበቀው ትልቁ ሥራ ከመውጋቱ ይልቅ ይህን አስቀድሞ መንገሩ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ቀን መቁጠር

የመርፌው ጊዜ በአሥራ ሦስት ሳምንት፣ ማለትም በ91 ቀን ይቆጠራል። በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ቀጣዩ መርፌ ከቀጠሮው እስከ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሊሰጥ ይችላል፤ እስከ አራት ሳምንት የዘገየች ሴትም ያለ ምንም ተጨማሪ መከላከያ መርፌዋን መውሰድ ትችላለች።

በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። አንዲት ሴት መስከረም 1 ቀን መርፌ ብትወስድ ቀጠሮዋ ታኅሣሥ 2 ቀን ይውላል። ከኅዳር 18 ጀምሮ መውሰድ ትችላለች፤ የምሕረቱ ጊዜ የሚያበቃው ደግሞ ታኅሣሥ 30 ቀን ነው። የኢትዮጵያ ወር ሠላሳ ቀን መሆኑ ለዚህ ነገር ይመቻል፤ ሦስት ወር ዘጠና ቀን ስለሆነ «በሦስተኛው ወር በዚያው ቀን» የሚለው የቃል ቀጠሮ ከትክክለኛው በአንድ ቀን ብቻ ይለያል። ልዩነቱ የሚሰፋው ጳጉሜ በመካከል ስትገባ ነው። ሰኔ 10 የተወጋች ሴት «መስከረም 10 ነይ» ብትባል የምትመለሰው በ95ኛው፣ በስድስት ዓመቷ ጳጉሜ ደግሞ ሳይሆን፣ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት በ96ኛው ቀን ነው። ይህ ብቻውን ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው በዓል፣ የመኸር ሥራ ወይም የመድኃኒት እጥረት በዚያ ላይ ሲደረብበት ነው፤ ሴቲቱ ዘገየሁ ብላ ከምታስበው በላይ ዘግይታ ትገኛለችና።

ከአራት ሳምንት በላይ የዘገየች ሴት መርፌውን ለዘለቄታው አልተነፈገችም። ባለሙያው እርጉዝ አለመሆኗን በጥያቄ ወይም በምርመራ አረጋግጦ መርፌውን ይሰጣታል፤ ለቀጣዮቹ ሰባት ቀናት ግን በኮንዶም መጠቀም ወይም ከግንኙነት መታቀብ ይኖርባታል። የመጀመሪያውን መርፌ የወር አበባዋ ከጀመረ ከሰባት ቀን በኋላ የወሰደች ሴትም እንዲሁ። ሆርሞኑ የእንቁላልን መውጣት በእርግጠኝነት እስኪያግድ ድረስ ቀናት ያስፈልጉታል። መርፌውና ኮንዶሙ ተቃራኒዎች ሳይሆኑ ተደጋጋፊዎች መሆናቸው በዚህ የሰባት ቀን ክፍተት በግልጽ ይታያል።

የመከላከያዎች ብቃት በሁለት ቁጥር የሚነገረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በአብዛኛው በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ላይ በተመሠረተው ግምት፣ መርፌው አንድም ቀን ሳይዘለል ቢወሰድ ከ1,000 ሴቶች በመጀመሪያው ዓመት የሚያረግዙት 2 ያህል ናቸው። በተለመደው የሰው ልጅ አጠቃቀም፣ ማለትም መዘግየቱና መርሳቱ ሲጨመርበት፣ ቁጥሩ ከ100 ሴቶች ወደ 4 ያድጋል። የወንድ ኮንዶም በትክክለኛ አጠቃቀም ከ100 ሴቶች 2፣ በተለመደው አጠቃቀም 13 ያህል ነው። ምንም ዓይነት መከላከያ ባይኖር ከ100 ሴቶች 85 ያህሉ በዓመቱ ውስጥ ያረግዛሉ። በክንድ የሚቀበረው መከላከያ በሁለቱም መለኪያ ከ1,000 ሴቶች 1 ገደማ ነው። ከተቀበረ በኋላ ሴቲቱ የምትረሳውም የምታዘገየውም ነገር ስለሌለ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው የመድኃኒቱን ጥንካሬ ሳይሆን መከላከያው በተጠቃሚዋ የዕለት ተዕለት ኑሮ ላይ የሚጥለውን ሸክም ነው።

ግድግዳው

ኮንዶም ሆርሞን የለውም፤ ሥራው ግድግዳ መሆን ነው። የዘር ፈሳሽ፣ ደምና የብልት ፈሳሽ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዳይተላለፉ ያግዳል። በፈሳሽ የሚተላለፉትን ኤች አይ ቪን፣ ጨብጥንና ክላሚዲያን በሚገባ የሚከላከለውም በዚህ ምክንያት ነው። አንደኛው በቫይረሱ የተያዘ፣ ሌላኛው ያልተያዘ ጥንዶችን የተከታተሉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ሁልጊዜ በኮንዶም መጠቀም የኤች አይ ቪን መተላለፍ በ80 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ከቆዳ ወደ ቆዳ በሚተላለፉት ላይ ግን፣ ለምሳሌ በብልት ሄርፒስና በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ላይ፣ ጥበቃው ይቀንሳል። ግድግዳው የሚሸፍነው የተወሰነውን የቆዳ ክፍል ብቻ ነውና።

ኮንዶም ሲከሽፍ በአብዛኛው ጥፋቱ የላስቲኩ አይደለም። ለገበያ የሚቀርቡ ኮንዶሞች በፋብሪካ ቀዳዳ እንዳይኖራቸው ይፈተሻሉ፤ በአገልግሎት ላይ የሚቀደዱት ወይም ሙሉ በሙሉ የሚወልቁት በአማካይ 2 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ይህም በአብዛኛው የሚመነጨው ከአጠቃቀም ስሕተት ነው። ከስሕተቶቹ ሁሉ በእኛ ዘንድ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ቅባት ነው። የተለመደው ኮንዶም የሚሠራው ከላቴክስ፣ ማለትም ከተፈጥሮ ጎማ ነው። ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት፣ ቅቤና የገላ ቅባት ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላሉ፤ ኮንዶሙ ለዓይን ጤነኛ መስሎ እያለ በቀላሉ ይቀደዳል። ለማለስለስ የሚያገለግሉት በውሃ ወይም በሲሊኮን የተዘጋጁ ቅባቶች ብቻ ናቸው። ከናይትራይል የሚሠራው የሴቶች ኮንዶም በዘይት አይጎዳም።

ሙቀትም ላቴክስን ያደርቃል። በኪስ ቦርሳ ውስጥ ለወራት የቆየ ወይም በመኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ ኮንዶም፣ የአገልግሎት ጊዜው ባያልፍም አስተማማኝ አይደለም። ማሸጊያው ሲጫን አየር መያዙ ከተሰማ፣ ኮንዶሙም ሲወጣ ያልተሰባበረና ያልተጣበቀ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሲጠለቅ ጫፉን ቆንጥጦ አየሩን ማስወጣት፣ ከመጀመሪያው ንክኪ በፊት ማጥለቅ፣ ከረጩ በኋላም ብልት ሳይለሰልስ ሥሩን ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ሁለት ኮንዶም ደርቦ ማጥለቅ ግን ጥንካሬን አይጨምርም፤ እርስ በርስ ሲፋተጉ የመቀደድ ዕድላቸው ሊጨምር ይችላል።

ኮንዶም ቢቀደድና ሌላ መከላከያ ባይኖር፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል አለ። ብዙ ሰው «ፖስት ፒል» በሚለው ስም የሚያውቀው እንክብል 1.5 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጄስትሬል የያዘ ሲሆን፣ ሥራው የእንቁላልን መውጣት ማዘግየት ነው። በቶሎ በተወሰደ መጠን ይሠራል፤ እስከ ሦስት ቀን ቢወሰድ ይመረጣል፣ እስከ አምስት ቀንም የተወሰነ ጥቅም ይኖረዋል። እንቁላሉ አስቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ግን እንክብሉ የሚያዘገየው ነገር የለም። ከአባላዘር በሽታም አያድንም። የኤች አይ ቪ ሥጋት ካለ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር የተለየ የመከላከያ መድኃኒት ስላለ፣ ለዚያ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

መርፌው ለኤች አይ ቪ ያጋልጣልን?

ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎችን ያሳሰበ አንድ ጥያቄ ነበር። በአፍሪካ የተደረጉ አንዳንድ የክትትል ጥናቶች በመርፌ የሚጠቀሙ ሴቶች ከሌሎች ይልቅ በኤች አይ ቪ እንደሚያዙ ያመለክቱ ነበር። ይህ ከሆርሞኑ የመጣ ይሁን ወይስ መርፌ የሚወስዱት ሴቶች በኮንዶም የሚጠቀሙት ባነሰ መጠን በመሆኑ፣ በክትትል ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነበር። ጥያቄውን የሚመልሰው ሴቶችን በዕጣ የሚመድብ ጥናት ብቻ ነበር።

«ኤኮ» የተባለው ጥናት ይህን አደረገ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያና በኤስዋቲኒ 7,829 ሴቶች በዕጣ ተመድበው ገሚሶቹ የጡንቻ መርፌ፣ ሌሎቹ በክንድ የሚቀበር መከላከያ፣ ቀሪዎቹ የመዳብ ሉፕ ወሰዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ታተመ። በሦስቱ መከላከያዎች መካከል በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድል ላይ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በከፍተኛ የኤች አይ ቪ ሥጋት ላይ ያሉ ሴቶች ከሦስቱ ማንኛውንም ያለ ገደብ እንዲመርጡ መመሪያውን አሻሻለ።

ይሁን እንጂ ከዚያ ጥናት ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ሌላ ቁጥር ነው እላለሁ። በሦስቱም ምድብ ለነበሩት ሴቶች ኮንዶም በነፃ ይታደል፣ ምክርም ይሰጥ ነበር። ያም ሆኖ በጥናቱ ጊዜ 397 ሴቶች በኤች አይ ቪ ተያዙ፤ ይህም ለ100 ሴቶች በዓመት 4 ገደማ ማለት ነው። እርግዝናን የሚከላከለው ዘዴ ተመርጦ ስለ ሁለተኛው አደጋ የተወሰነ ነገር ከሌለ፣ ኮንዶም በእጅ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በኮንዶም መጠቀም የሴቲቱ ብቻ ውሳኔ ሊሆን አይችልምና።

ምርጫው በአንድ ምሳሌ

መመዘኛዎቹ እንዴት እንደሚጋጩ ለማየት አንዲት ሴት በምሳሌነት እናስብ። ዕድሜዋ 24 ነው፤ የስምንት ወር ሕፃን ታጠባለች። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከቤት ይርቃል። ሁለተኛ ልጅ ይፈልጋሉ፤ ከአሁን ጀምሮ በአሥራ ስምንተኛው ወር ገደማ ማርገዝ ብትችል ደስ ይላታል። ጤና ኬላው ቅርብ ነው፤ ጤና ጣቢያው ግን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አማቷ አብራቸው ትኖራለች፤ የወሊድ መከላከያንም አትወድም።

ከማጥባቷ እንጀምር። ከወለደች ስድስት ሳምንት ስላለፋት መርፌውም በክንድ የሚቀበረውም አይከለከሏትም። ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ከሆነ ግን የሚያጠቡ እናቶች ከወለዱ ስድስት ወር እስኪሆናቸው ባይወስዱት ይመረጣል፤ እርሷ ያንን ጊዜ አልፋዋለች። ማጥባቷ ብቻውን መከላከያ የሚሆንበት ጊዜም አልቋል፤ ያ የሚሠራው ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሆኖ የእናት ጡት ብቻ ሲጠባና የእናቲቱ የወር አበባ ገና ሳይመለስ ነው።

በመቀጠል የሁለተኛው ልጅ ጊዜ ይመጣል። መርፌው ሲቋረጥ ማርገዝ የሚቻለው ወዲያው አይደለም፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ ጽንስ ድረስ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ያልፋል። መርፌው መካን አያደርግም፤ ስንቁ እስኪያልቅ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያም በኋላ ዑደቱ እስኪስተካከል ይቆያል። ስለዚህ በአሥራ ስምንተኛው ወር ለማርገዝ የምታስብ ሴት የመጨረሻዋን መርፌ በስምንተኛው ወር አካባቢ መውሰድ ይኖርባታል። ዛሬ፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ሦስት መርፌ ወስዳ ብታቆም፣ በአማካዩ መሠረት በአሥራ ስድስተኛው ወር ገደማ ታረግዛለች። ነገር ግን አማካይ ለአንዲት ሴት ቃል ኪዳን አይሆንም። ከአሥረኛው ወር ጀምሮ ጥበቃ የሌላት በመሆኗ በአሥራ አንደኛው ወር ልታረግዝ ትችላለች፤ ሃያኛው ወር ድረስ ልትጠብቅም ትችላለች። በክንድ የሚቀበረው ዘንግ ይህን ጥርጣሬ ያስቀራል። ከወጣ በኋላ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ እንቁላል መውጣትም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። በአሥራ ስምንተኛው ወር ማርገዝ ከፈለገች በአሥራ ሰባተኛው ታስወጣዋለች።

እስካሁን ሚዛኑ ወደ ክንዱ አዘንብሏል። አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ ማን ያወጣዋል? እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ ዘንግ ያለውን መከላከያ በጤና ኬላ መቅበር ተፈቅዶላቸዋል፤ ማውጣቱ ግን በተለምዶ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሥራ ነው። መቅበሩ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ማውጣቱ ትንሽ ቆዳ መቅደድን ይጠይቃል፤ ዘንጉ ጠልቆ ከተቀበረም ይከብዳል። ስለዚህ ሴቲቱ ከመቀበሩ በፊት የሚያወጣላት የት እንዳለና በፈለገች ቀን እንደሚያወጣላት ማወቅ ይገባታል። የሁለት ሰዓቱ መንገድ አንድ ጊዜ የሚደረግ ስለሆነ ለዚህች ሴት የሚከብድ አይመስልም።

ከዚያ አማቲቱ አሉ። ዘንጉ በላይኛው ክንድ ውስጠኛ በኩል ቆዳ ሥር በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል፤ በቀጭን ክንድ ላይ አንዳንዴም ይታያል። መርፌ ግን ምልክት አይተውም። በብዙ የገጠር ሴቶች ዘንድ መርፌው የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ምሥጢር ጠባቂነቱ መሆኑ መካድ የለበትም፤ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ሰውም ይህን እንደ ተራ ጉዳይ አድርጎ ሊያልፈው አይገባም። ሴቲቱ ምሥጢሩን ከእርግዝናው ቀን አስበልጣ ብትመርጥ ምርጫዋ ትክክል ነው። ባለቤቷ የሚያውቅና የሚደግፋት ከሆነ ግን ክንዱን ከአማት ለመሰወር እጅጌ ይበቃል።

የባለቤቷ መንገድ የሚያነሣው ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። መርፌም ሆነ ዘንግ ከመንገድ ሊመጣ በሚችል በሽታ ላይ ምንም አይሠራም፤ በትዳር ውስጥ ኮንዶም መጠየቅም የመጠራጠር ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። እዚህ ላይ ባለሙያው ሊያደርገው የሚችለው ሁለት ነገር ነው። ባልና ሚስቱ አብረው የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርጉ መጋበዝ አንዱ ነው። ሁለተኛው የሰባት ቀኑን ደንብ መጠቀም ነው። ዘንጉ የወር አበባ ከጀመረ ከቀናት በኋላ ከተቀበረ ለሰባት ቀን ኮንዶም የግድ ያስፈልጋልና፣ ሴቲቱ ኮንዶሙን ወደ ቤት ይዛ የምትገባው እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ሕክምና ትእዛዝ ነው። ሁለቱ አጠቃቀሙን ይለምዳሉ፤ ቀጥለውበት ይሁን አይሁን በራሳቸው ይወስናሉ።

በዚህች ሴት ታሪክ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብንለውጥ ውሳኔው ይገለበጣል። የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሪፋምፒሲን ትወስዳለች እንበል። ይህ መድኃኒት ጉበት ሆርሞኖችን በፍጥነት እንዲያፈርስ ያደርጋል፤ በክንድ የሚቀበረው ዘንግም ሆነ እንክብሉ ብቃቱ ይቀንሳል፤ ዘንጉ በየዕለቱ የሚለቀው መጠን እጅግ ጥቂት ነውና። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነው ኤፋቪሬንዝም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ አሁን በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ግን ይህ ችግር የለበትም። የሦስት ወሩ መርፌ መጠኑ ከፍ ያለ በመሆኑ በእነዚህ መድኃኒቶች ብቃቱ እንደማይቀንስ ተቀባይነት አግኝቷል። ስለዚህ ለሪፋምፒሲን ተጠቃሚዋ መርፌው ወይም የመዳብ ሉፕ ይመረጣል፤ ልጅ የምትፈልግበት ጊዜ ቢዘገይም። የደም ግፊቷ 160 በ100 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ መርፌው ራሱ በተለመደው ሁኔታ አይመከርም፤ የጡት ካንሰር ቢኖርባት ሆርሞን ያለባቸው ሁሉ ይቀሩና የመዳብ ሉፕና ኮንዶም ይቀርላታል።

ስለዚህ በጤና ኬላው ጠረጴዛ ላይ «የትኛውን ትፈልጊያለሽ?» ከሚለው በፊት የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ፦ ቀጣዩን ልጅ መቼ ታስቢያለሽ? ሌላ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ቤት ውስጥ ማን ማወቅ የለበትም? ባለቤትሽስ ተመርምሯል? መልሶቹ ከታወቁ በኋላ የመከላከያው ስም ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል፤ መርፌ ከሆነም በካርዷ ላይ «ከሦስት ወር በኋላ» ተብሎ ከሚጻፍ ይልቅ የቀጠሮው ቀንና የምሕረቱ ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ሁለቱም ቢጻፉ፣ የዘገየችው ሴት ከቤት ሳትወጣ ኮንዶም እንደሚያስፈልጋት ታውቃለች።